የሰኔ 30 ቆጠራ 53 ካርቶን ጎደለ፦ ጥያቄና መልስ

የአከፋፋይ ድርጅት ሂሳብ ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ፓስታ ሲስተሙ ላይ 1,240 ካርቶን ነው፤ ቆጠራው 1,187 አለ። ስቶር ኪፐራችን «ደንበኛ የመለሰው ሳይመዘገብ ቀርቶ ነው» ይላል። ልቀበለው?

መልስ፦ አትቀበለው። ደንበኛ የመለሰው ካርቶን መጋዘን ገብቶ ካልተመዘገበ ቆጠራው ከመዝገቡ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሰውዬው እውነቱን ከሆነ እንደውም ጉድለትህ ከ53 በላይ ነው፤ ተመላሹ ከፊሉን ሸፍኖልሃል ማለት ነው።

ጉድለት የሚያመጣው ተመላሽ ሌላ ነው። አንደኛው ለአቅራቢው ተመልሶ ከመዝገብ ያልተቀነሰ ነው። ሁለተኛው ለደንበኛው ክሬዲት ኖት ተሠርቶለት፣ እቃው ግን መጋዘን ያልደረሰ ነው። ሁለተኛውን በጥንቃቄ እየው። እያንዳንዱን ክሬዲት ኖት ይዘህ ስቶር ኪፐሩ የፈረመበትን የተመላሽ መረከቢያ ፈልግ። የሾፌር ፊርማ ብቻ ካለበት እቃው መኪና ላይ ወይም መንገድ ላይ ቀርቷል።

ያው ጠያቂ፦ እሺ፣ ታዲያ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከዓመት መዝጊያው ቀን። አንድ የተሳሳተ ቀን በአንዴ ብዙ ካርቶን ያንቀሳቅሳል፤ ማጣራቱም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቆጠራው ሲጀመር የመጨረሻው የገቢ ደረሰኝና የመጨረሻው የወጪ ደረሰኝ ቁጥር ተመዝግቦ ከነበረ እሱን ያዝ። ካልነበረ ከሰኔ 25 እስከ ሐምሌ 5 ያሉትን ደረሰኞች በሙሉ አውጥተህ ከጥበቃው የበር መዝገብ ጋር አመሳክር። ሒሳብ ክፍል ቀኑን የሚወስደው ከአቅራቢው ኢንቮይስ ላይ ነው። የበር መዝገብ ግን መኪናው የገባበትንና የወጣበትን ቀን ይነግርሃል።

ሲስተምህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ሰኔ 30 ጁላይ 7 ነው። የሲስተሙ ወር ጁን 30 ላይ ከተዘጋ የሰኔ የመጨረሻ ሰባት ቀናት እንቅስቃሴ ወደ አዲሱ ዓመት ዘሏል። እነዚያን ቀናት ለብቻ አውጥተህ እያቸው።

የሱቅ ባለቤት፦ እኔም ወተትና እርጎ ይጎድልብኛል፣ ግማሹ ተበላሽቶ ነው ይሉኛል። ከሠራተኛዋ ደመወዝ ብቆርጥስ?

መልስ፦ የእርስዎ ጥያቄ ትንሽ ይለያል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ ያለ ሠራተኛዋ የጽሑፍ ስምምነት መቁረጥ አይቻልም። ቢፈቀድም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዟ ከሲሶ አይበልጥም። ከዚያ በፊት ግን መበላሸቱን ያረጋግጡ። የተበላሸው እሽግ ሳይጣል በአንድ ሳጥን ይጠራቀም፤ ማታ ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርምና ይጣል። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ጉድለቱ ከቀጠለ ምክንያቱ ብልሽት አይደለም።

ሂሳብ ሠራተኛው፦ አጣራሁ። 40 ካርቶን በኢንቮይስ ሰኔ 29 ተመዝግቧል፤ መኪናው በር የገባው ሐምሌ 2 ነው። ለአቅራቢው 15 የረጠበ ካርቶን በማስረከቢያ ወረቀት ሄዷል፣ ሲስተም ላይ የለም። ስቶር ኪፐሩ ያለው ተመላሽም እውነት ነው፤ 12 ካርቶን አለ። 6 አይጥ የበላው ደግሞ በቃለ ጉባኤ ተወግዷል፣ አልተቀነሰም።

መልስ፦ ጥሩ ሠርተሃል። አሁን መዝገቡን አስተካክል፦ ከ1,240 ላይ 40፣ 15 እና 6 ቀንስ፣ 12 ጨምር። 1,191 ይመጣል። ከቆጠራው 1,187 ጋር ሲነጻጸር እውነተኛው ጉድለት 4 ካርቶን ነው። 12ቱን ብትረሳው ኖሮ መዝገቡ 1,179 ሆኖ 8 ትርፍ ያሳይህ ነበር፤ ብዙዎች እዚያ ላይ ሲደርሱ «ተገኘ» ብለው ይዘጋሉ። 40ዎቹን ስታነሳ የአቅራቢውን ዕዳም አብረህ እይ። ውሉ እቃው ከፋብሪካ በር ሲወጣ የእናንተ ነው የሚል ከሆነ በመንገድ ላይ ያለ ንብረት ብለህ ለብቻ ታሳየዋለህ እንጂ አትሰርዘውም።

የመጋዘን ኃላፊ፦ 4 ካርቶን ለ1,200 ምንም አይደለም። ብልሽት ላይ ጨምሮ መዝጋት ነው፤ እኛ እንደዚያ ነው የምንሠራው።

መልስ፦ መጠኑ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ማኔጅመንቱ አጽድቆ ሊያወጣው ይችላል። ብልሽት ብሎ መጻፍ ግን ያልታየ እቃ ተበላሸ ማለት ነው፤ ኦዲተሩ ቃለ ጉባኤውን ሲጠይቅ ምን ይቀርባል? በቆጠራ ጉድለት ሂሳብ ላይ በስሙ ይቀመጥ።

የመጋዘን ኃላፊ፦ ታዲያ ስቶር ኪፐሩ ይጠየቅበታላ። ይሄ ደግሞ ፍትህ ነው?

መልስ፦ እሱ ላይ እርግጠኛ መልስ የለኝም። ቁልፉ በስንት ሰው እጅ እንዳለ ይወሰናል።

ሂሳብ ሠራተኛው፦ በሦስት ሰው።