ሲሲ፣ ቢሲሲና ለውጭ ሰው መታየት የሌለበት ዋጋ፦ ጥያቄና መልስ

በአስመጪ ድርጅት ውስጥ ከአቅራቢ፣ ከደንበኛና ከትራንዚተር ጋር መጻጻፍ የዘወትር ሥራዬ ነው። ዛሬ የምመልሰው ከድርጅታችን ውጭ ያሉ ሰዎች በሚገኙበት ኢሜይል ላይ ሲሲና ቢሲሲ እንዴት እንደሚሠሩና ዋጋ ሳይታሰብ በየት በኩል እንደሚወጣ ነው። የኢሜይል ጠለፋ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ወደዚያ አልገባም።

የግዢ ሠራተኛ፦ ለአምስት አቅራቢዎች አንድ ዓይነት የዋጋ መጠየቂያ እልካለሁ። እንዳይተያዩ ብዬ አንዱን To ላይ፣ አራቱን ቢሲሲ ላይ አደርጋለሁ። ልክ ነኝ?

አይደሉም። ቢሲሲ የሚሰውረው በዚያ መስመር ላይ ያሉትን አድራሻዎች ብቻ ነው። To ላይ ያስቀመጡት አቅራቢ ለአራቱም በግልጽ ይታያል፤ ስለዚህ ከተወዳዳሪዎቻቸው አንዱ ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ደቂቃ ያውቃሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መልስ ሲሰጡ የሚመጣው ነው። ከአራቱ አንዱ Reply All ከተጫነ መልሱ ወደ እርስዎ ብቻ ሳይሆን To ላይ ወዳለው አቅራቢም ይሄዳል፤ ፕሮፎርማ አያይዞ ከሆነ ፕሮፎርማውም አብሮ ይደርሳል። ያ አቅራቢ ማንንም ሳይጠይቅ የሌላውን ዋጋ አይቶ የራሱን ያስተካክላል፤ እርስዎም በመጨረሻ የገባው ዋጋ ከሌላው በጥቂት ብር ብቻ ዝቅ ያለበት ምክንያት አይገባዎትም። እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጠሩ የመጡልዎትን መልሶች አንድ በአንድ ይክፈቱና የተቀባዩን መስመር ይመልከቱ፤ ከእርስዎ ሌላ አድራሻ ካለበት ዋጋው ወጥቷል ማለት ነው።

ትክክለኛው አደራረግ To ላይ የራስዎን አድራሻ አስገብቶ አምስቱንም ቢሲሲ ላይ ማድረግ ነው። ይሁንና ለአምስት ሰው ከሆነ እኔ ቢሲሲን አልመርጥም፤ አምስት የተለያዩ መልእክቶች እልካለሁ። ለላኪው ለራሱ የተጻፈ የሚመስል ኢሜይል የደረሰው ነጋዴ ለብዙ ሰው የተበተነ መሆኑን ወዲያው ስለሚረዳ፣ ብዙውን ጊዜ በደንብ ያላሰበበትን ዋጋ ይልካል። ተቀባዮቹ አርባና ሃምሳ ከሆኑ በዎርድና በአውትሉክ ሜይል መርጅ መሥራት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ለእርሱ ብቻ የተላከ መልእክት ይደርሰዋል።

የአይቲ ባለሙያ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላርም። በቢሲሲ የደረሰው ሰው Reply All ቢልም መልሱ ወደ ላኪው ብቻ ነው የሚሄደው። በሥራ ቦታዬ ሞክሬዋለሁ።

ሲሞክሩ To ላይ የነበረው የላኪው አድራሻ ብቻ ከሆነ ያዩት ውጤት ትክክል ነው። በቢሲሲ ያሉ ሌሎች ሰዎች መልሱ እንደማይደርሳቸውም እስማማለሁ፤ አድራሻቸው በመልእክቱ ላይ ስለሌለ የሚላክበት መንገድ የለም። To ወይም ሲሲ ላይ ሌላ ሰው ካለ ግን መልሱ ለእርሱ ይደርሳል። ሦስት አድራሻ ይዘው፣ አንዱን To ላይ አንዱን ቢሲሲ ላይ አድርገው ደግመው ቢሞክሩት ልዩነቱን ያዩታል። አውትሉክ በቢሲሲ የደረሰው ሰው Reply All ሊል ሲል አድራሻው ተሰውሮ እንደነበር የሚያስታውስ ማሳሰቢያ ያሳያል፤ ነገር ግን አቅራቢዎ በምን ፕሮግራም እንደሚጽፍ ስለማያውቁ በዚያ መተማመን አይቻልም።

የሽያጭ አስተባባሪ፦ ደንበኛ ዕቃው መቼ እንደሚጫን ጠየቀኝ። መልሱን የሎጂስቲክስ ባልደረባዬ ጽፎልኛል። እርሱኑ ፎርዋርድ ባደርግለት ወይም ደንበኛውን ሲሲ ላይ ብጨምረው ምን ችግር አለው?

እኔ ካየኋቸው የዋጋ መውጣቶች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ነው፤ የአድራሻ ስህተት ከዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። በምሳሌ ላሳይ። አንድ አስመጪ ለሆቴል 25 የንግድ ማቀዝቀዣዎች ያቀርባል እንበል። የሽያጭ ሠራተኛዋ አቅራቢው የላከውን ዋጋ ለሥራ አስኪያጁ ትልካለች። እርሱም በዚያው ላይ «እዚህ እስኪደርስ አንዱ 150,000 ብር ይፈጃል፤ 22 ከመቶ ጨምረሽ ስጫቸው፤ ከተከራከሩ እስከ 15 እንወርዳለን» ብሎ ይመልሳል። ሎጂስቲክሱ በዚያው መልእክት ላይ መልስ ሰጥቶ የመጫኛውን ቀን ይጽፋል። ሠራተኛዋ ከላይ የሚታያትን ሁለት መስመር ብቻ አይታ ለሆቴሉ ግዢ ኃላፊ ፎርዋርድ ታደርጋለች። ኃላፊው ወደ ታች ሲወርድ የሥራ አስኪያጁን ቃል በሙሉ ያነባል።

ከዚያ በኋላ ድርድር የሚባል ነገር አይኖርም። በ22 ከመቶ አንዱ ማቀዝቀዣ 183,000 ብር፣ በ15 ከመቶ 172,500 ብር ነው። ልዩነቱ በአንዱ 10,500፣ በ25ቱ 262,500 ብር ይሆናል፤ ገዢውም መጨረሻው የት እንደሆነ ስላወቀ በቀጥታ ከዚያ ይጀምራል። አቅራቢው ዋጋውን ለሌላ እንዳታሳዩ ብሎ ከሆነ ደግሞ ከእርሱም ጋር ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ይህ የሚደርሰው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ጂሜይል የቀደመውን ጽሑፍ በሦስት ነጥብ ስለሚሸፍነው፣ በተለይ በስልክ ለሚጽፍ ሰው ከታች ምን እንዳለ አይታየውም። ስለዚህ የእኔ ደንብ አጭር ነው፦ ውስጣዊ መልእክት ወደ ውጭ አይተላለፍም። ለደንበኛው አዲስ መልእክት ከፍተው፣ አዲስ ርእስ ሰጥተው ቀኑን ራስዎ ይጻፉለት፤ የሁለት መስመር ሥራ ነው። የታችኛውን ጽሑፍ አጥፍቶ መላክ ለዚያች መልእክት ይበቃል፤ ሆኖም ባልደረባዎ ቀደም ካለው መልእክት ላይ ተነሥቶ ደንበኛውን ሲሲ ካደረገው ያጠፉት ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። አባሪን በተመለከተ ፎርዋርድ ሲደረግ አብሮ ይሄዳል፤ በመልስ ጊዜ ግን አይሄድም። በጽሑፉ መካከል የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር ፎቶ ካለ ግን በመልስም ቢሆን አብሮ ስለሚሄድ በዚህ እንዳይታለሉ።

የትራንዚት ድርጅት ባለቤት፦ የእኔ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ሠራተኞቼ ለደንበኛ ዋጋ ሲጽፉ እኔን ቢሲሲ እንዲያደርጉኝ አዝዣለሁ፤ ደንበኛው አለቃ እያየ መሆኑን እንዲያውቅ አልፈልግም። እስካሁን ችግር አልገጠመኝም።

ጉዳዩ ያው ነው ብዬ ነው የማስበው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሆነው በስልክ ያነቡታል፤ ለሠራተኛዎ «ከዚህ በታች እንዳትወርድ» ብለው ሊጽፉለት አስበው Reply All ከነኩ ቃልዎ ለደንበኛው ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ በስውር ሲያዩ እንደነበርም ይታወቃል። ከዚህም ሌላ በቢሲሲ የገባ ሰው ደንበኛው የሚሰጠው መልስ አይደርሰውም፤ ስለዚህ የሚያዩት የንግግሩን ግማሽ ነው። ሠራተኛው ከላከ በኋላ ከተላኩት መልእክቶች ውስጥ አውጥቶ ለእርስዎ ብቻ ፎርዋርድ ቢያደርግልዎ ይሻላል፤ በስህተት Reply All ቢሉ እንኳ መልሱ ወደ ሠራተኛው ብቻ ይሄዳል።

የትራንዚት ድርጅት ባለቤት፦ ሠራተኛው ፎርዋርድ ማድረጉን ይረሳል። አልፎም የማይመቸውን አይልክልኝም። በቢሲሲ ግን ወዲያው አገኘዋለሁ።

እሱስ እውነት ነው፤ ቁጥጥር ከፈለጉ ፎርዋርድ በሠራተኛው ታማኝነት ላይ የቆመ ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በግልጽ ሲሲ እገባ ነበር፤ ደንበኛው ኃላፊ መኖሩን ማወቁ በኔ ግምት ብዙም አይጎዳም። እርስዎ ደንበኞችዎን ስለሚያውቁ ውሳኔው የእርስዎ ነው። በቢሲሲ ከቀጠሉ ግን ከስልክ መልስ አለመስጠትን ልማድ ያድርጉት።

ጸሐፊ፦ በደብዳቤ ላይ ግልባጭ የሚሰጣቸውን ግርጌ ላይ እንዘረዝራለን። በኢሜይልም መዘርዘር አለብኝ?

አያስፈልግም፤ በሲሲ ያሉት ከላይ ይታያሉ። ደብዳቤውን ስካን አድርገው የሚያያይዙ ከሆነ ግን ግርጌውን ይመልከቱ። «ከአባሪ ጋር ለፋይናንስ ክፍል» የሚል ካለና አባሪው የወጪ ስሌት ከሆነ፣ ያ አባሪ በዚያው ፒዲኤፍ ውስጥ ገብቶ ለደንበኛው እንዳይሄድ የገጹን ብዛት ይቁጠሩ።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ የዋጋ ማቅረቢያውን በኤክሴል ነው የምልከው። የመግዣ ዋጋ ያለበትን ዓምድ Hide አደርገዋለሁ። በቂ ነው?

በቂ አይደለም። ተቀባዩ በአንድ ጠቅታ መልሶ ይገልጠዋል፤ ባይገልጠውም የመሸጫ ዋጋው ላይ ሲጫን ከላይ ባለው መስመር ላይ ይህን ያያል፦

```
=D7*1.22
```

የትርፍ መጠንዎን ራሱ ፎርሙላው ነገረው ማለት ነው። ዓምዱን ማጥፋትም ፎርሙላውን ስለሚያበላሸው ቁጥሩ በ`#REF!` ይተካል። ለደንበኛ ፒዲኤፍ ይላኩ። የግድ ኤክሴል ከጠየቀ አዲስ ፋይል ከፍተው ቁጥሮቹን ብቻ በ`Paste Values` ይለጥፉበት፤ የድሮውን ፋይል ግን አይላኩ።

የሽያጭ ሠራተኛ፦ ከላክሁት በኋላ ነው ያየሁት። አሁን ምን ላድርግ? አውትሉክ ላይ Recall ብዬዋለሁ።

የአውትሉክ Recall የሚሠራው ተቀባዩ በእርስዎው ድርጅት ውስጥ ሲሆን ነው። ለውጭ ሰው የሚደርሰው መልእክቱን መመለስ እንደፈለጉ የሚነግር ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ያላነበበው ሰው ፈልጎ ያነበዋል። የጂሜይል Undo Send ደግሞ ካልቀየሩት 5 ሰከንድ፣ ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው፤ እርሱም አልፏል። ስለዚህ በመጀመሪያ ለአለቃዎ ይንገሩ፤ ቀጥሎ ደንበኛው ጋ ይደውሉና በስህተት የተላከ ውስጣዊ ጽሑፍ መሆኑን ገልጸው እንዲያጠፋው ይጠይቁ። ከስልኩ በኋላ አጭር ማረጋገጫ በአዲስ መልእክት ይላኩለት፤ በዚያው መልእክት ላይ መልስ ከሰጡ ዋጋውን ዳግመኛ ይልኩለታል። ለብዙ ሰው ተልኮ ከሆነ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይሁን።

ደንበኛው ዋጋውን እንዳየ እያወቁ ቀድሞ በሰጡት ዋጋ መጽናት ወይም ራስን ቀድሞ ዝቅ ማድረግ ግን እኔና ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ የማንስማማበት ጉዳይ ነው። እኔ ደንበኛው እስኪያነሣው መጠበቅን እመርጣለሁ፤ ሁሉም ወደ ታች ወርዶ አያነብም። ሌሎቹ ግን ይህ ከቆየ ደንበኛ ጋር ያለውን እምነት ያበላሻል ይላሉ።

የሽያጭ ሠራተኛ፦ ወደፊትስ ትንሽ የሚያዘገይ ነገር አለ?

አለ። በኮምፒውተር ላይ በተጫነው ነባሩ አውትሉክ፣ ማለትም በ`classic Outlook`፣ የሚላኩ መልእክቶች ሁሉ ለተወሰነ ደቂቃ በ`Outbox` እንዲቆዩ የሚያደርግ ደንብ ማውጣት ይቻላል፤ ስሙ `defer delivery by a number of minutes` ሲሆን እስከ 120 ደቂቃ ይፈቅዳል። እኔ 2 ደቂቃ አድርጌዋለሁ። ፕሮግራሙን ከዘጉት መልእክቱ ስለማይሄድ ማታ ከመውጣትዎ በፊት `Outbox` ባዶ መሆኑን ይመልከቱ። በጂሜይል ደግሞ በቅንብሩ ውስጥ 5 የሚለውን ወደ 30 ይቀይሩት።