ሁለተኛው ስሎት ለምን ይዘገያል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ኤንቪኤምኢ ዲስክ በአስማሚ ካርድ አድርጌ ረጅሙ ሁለተኛ ስሎት ላይ ሰካሁት። በሴኮንድ 3500 ሜጋባይት ያነባል የተባለው 1600 ላይ ቆመ። ማዘርቦርዴ ቢ450 ነው። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?» (የሠርግ ቪዲዮ አዘጋጅ፣ አዘዞ)

ዲስኩን አይጠርጥሩት። ችግሩ የተሰካበት ቦታ ነው።

ሌን ማለት ዳታ የሚመላለስበት መስመር ነው። አብሮት ግራፊክስ የሌለው ራይዘን ፕሮሰሰር ቢ450 ላይ 24 ሌን አለው። 16ቱ ወደ መጀመሪያው ረጅም ስሎት ይሄዳሉ። 4ቱ ኤንቪኤምኢ ዲስክ ያለ አስማሚ ወደሚሰካበት የመጀመሪያው ኤም.2፣ የቀሩት 4 ደግሞ ወደ ቺፕሴቱ፣ ማለትም ሌሎቹን ስሎቶችና ፖርቶች ከፕሮሰሰሩ ጋር ወደሚያገናኘው ቺፕ። በዚህ አለቀ፤ ለሁለተኛው ስሎት የተረፈ የለም። ስለዚህ በብዙዎቹ ቢ450 ቦርዶች ያ ስሎት የሚጠባው ከቺፕሴቱ ነው። ቺፕሴቱ የሚሰጠው ደግሞ የእነዚህን መስመሮች የድሮ ትውልድ፣ ማለትም ፒሲአይኢ 2.0 ነው።

እስቲ እናስላው። የ2.0 አንድ ሌን በሴኮንድ 500 ሜጋባይት ያሳልፋል። አራቱ 2000 ይሆናሉ። ዳታው ተሸክሞት የሚሄደው የመቆጣጠሪያ መረጃ ሲቀነስ 1600 አካባቢ ይቀራል። ያዩት ቁጥር ይኸው ነው።

ለማረጋገጥ CrystalDiskInfo ይክፈቱና Transfer Mode የሚለውን ይዩ። በግራ አሁን የሚሠራበት፣ በቀኝ ዲስኩ የሚችለው ነው፦

```
PCIe 2.0 x4 | PCIe 3.0 x4
```

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ስሎቱን በባትሪ መብራት ቢያዩትም ይገባዎታል። ርዝመቱ የ16 ነው፤ የብረት ጥርሶቹ ግን ብዙ ጊዜ ሩቡ ላይ ያበቃሉ። ርዝመቱ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እኔም ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የማየው እሱን ሳይሆን ማንዋሉን ነው።

መፍትሔው ማቀያየር ነው። ቪዲዮ የሚቆርጡበትን ዲስክ ወደ መጀመሪያው ኤም.2 ያምጡት። እዚያ ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ካለ እሱ ወደ አስማሚው ይሂድ። ለዊንዶውስ 1600 ከበቂ በላይ ነው።

«ሌላ ካርድ ስጨምር ግራፊክስ ካርዴ ከ16 ወደ 8 ወረደ። ጌም ይጎተትብኛል?» (ተማሪ፣ ማራኪ)

የአንቺ ቦርድ የፕሮሰሰሩን 16 ሌን ለሁለቱ ስሎቶች 8 በ8 የሚያካፍል ዓይነት ነው። በፒሲአይኢ 3.0 ስምንት ሌን በሴኮንድ ወደ 8 ጊጋባይት ስለሚያሳልፍ በአብዛኛው ጌም ላይ ልዩነቱ ጥቂት ነው። የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ዳታ ከራም መመላለስ ሲጀምር ግን ይሰማሻል። ሁለተኛውን ካርድ ከቺፕሴቱ በሚመጣ ትንሽ ስሎት ላይ ከሰካሽው 16ቱ ይመለስልሻል።

«ሁለተኛ ኤም.2 ስሰካ ሃርድ ዲስኬ ጠፋ!» (ፒያሳ)

ዳታህ አልጠፋም። በብዙ ቦርዶች ሁለተኛው ኤም.2 ከአንዳንድ የሳታ ፖርቶች ጋር መስመር ይጋራል፤ እሱ ሲሰካ እነሱ ይዘጋሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ማንዋሉ ላይ ተጽፏል። ኬብሉን ወደ ሌላ ፖርት አዛውረው።