የአገር ቤት ነርሶች በአሜሪካ፦ ከትራንስክሪፕት እስከ ሌሊት ስልክ (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ተምሬ አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ የሰርጂካል ዋርድ ነርስ ነኝ። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ግን የት ስቴት እንዳላችሁ፣ ዲግሪ ይሁን ዲፕሎማ፣ መቼ እንደተመረቃችሁ ጻፉ። ያለዚያ መልስ መስጠት አልችልም።

የባህር ዳር ልጅ፦ ሲስተር፣ ኦሪጅናል ትራንስክሪፕቴን ይዤው መጥቻለሁ። ኖታሪ አስመትቼ የውጭ ነርሶችን ወረቀት ለሚመረምረው ለሲጂኤፍኤንኤስ፣ አሁን ትሩሜሪት ለተባለው፣ ልላከው?

አትላከው። በእጅህ ያለ ወረቀት ለእነሱ አይቆጠርም። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ ነው መሄድ ያለበት። ፈቃድህንም የሰጠህ አካል ራሱ ነው በቀጥታ የሚያረጋግጠው። ኖታሪ ይህን አይቀይረውም።

አገር ቤት የምታምነው ሰው በውክልና ያስፈልግሃል። ሬጅስትራሩ ፊት ቆሞ የሚከታተል ሰው ማለቴ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከወጣህ መጀመሪያ የወጪ መጋራትህን ጨርስ። ክሊራንስ ከሌለህ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣልህም፣ ወኪልህም ሲመላለስ ይከርማል።

ሌላው ነገር ፎርሙ ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት ስንት ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ስንት ሰዓት ዋርድ ላይ እንደተማርክ ይጠይቃል። የእኛ ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ክሬዲት ብቻ ነው። ሬጅስትራሩ ሰዓቱን ባዶ ትቶ ማኅተም ከመታው ፋይልህ ይቆማል። የኔ ቆሞ ነበር። የሳይካትሪ ፕራክቲስ ሰዓቴ አልተሞላም ነበር። ሳይካትሪ ዋርድ ሠርቻለሁ፣ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ወንድሜ ወደ ነርሲንግ ትምህርት ክፍሉ ሄዶ የድሮውን የኮርስ ዝርዝር አስወጥቶ እስኪያስሞላ አምስት ወር ፈጀ። ስለዚህ ወኪልህ ወደ ሬጅስትራር ብቻ አይሂድ፣ መጀመሪያ ትምህርት ክፍሉን ያናግር። አዋቂ፣ ቀዶ ሕክምና፣ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ሳይካትሪ፤ አምስቱም ላይ የክፍልም የዋርድም ሰዓት መሞላቱን ከመታሸጉ በፊት በዓይኑ ይይ።

አሌክሳንድሪያ፦ እኔ ዲግሪዬን በዌስ አስገምግሜ ከባችለር እኩል ነው ተብሎ ወጥቶልኛል። ለምን ድጋሚ ገንዘብ ይከፈላል? ለሁሉም ይበቃል እኮ።

ለሁሉም አይበቃም። ለማስተርስ ትምህርት ወይም ለቢሮ ሥራ ልክ ነህ፣ ይሠራል። የነርስ ቦርድ ግን የሚጠይቀው ዲግሪህ ከባችለር ጋር እኩል ነው ወይ የሚለውን ብቻ አይደለም። ምን ምን ተማርክ፣ ፈቃድህ አገርህ ላይ ንጹሕ ነው ወይ ይላል። ቦርዱ የሚቀበላቸውን ድርጅቶች በራሱ ገጽ ላይ ይጽፋል። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት እሱን አንብብ።

ዲቪ የመጣሁ፦ እኔም ነርስ ነኝ። ምን ላድርግ?

የት ስቴት? ዲግሪ ወይስ ዲፕሎማ? መቼ ተመረቅሽ? ከላይ ጽፌዋለሁ።

ዲቪ የመጣሁ፦ ይቅርታ ሲስተር። ቨርጂኒያ ነኝ፣ ዲግሪ፣ 2005 ተመረቅኩ። ቪዛ ስክሪን ያስፈልግሻል ብለውኛል።

በዲቪ የገባ ሰው ቪዛ ስክሪን አይጠየቅም። እሱ በነርስነት ሥራ ቪዛ ለሚያወጡ ነው። ገንዘብሽን አትክፈዪበት።

2005 ያልሽው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው አይደል? ፎርም ላይ 2013 ብለሽ ነው የምትሞዪው። ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት። ትራንስክሪፕቱ ላይ በፈረንጅ፣ ፈቃዱ ላይ በኢትዮጵያ፣ ፎርሙ ላይ ደግሞ ተቀላቅሎ ሲደርሳቸው ከመመረቅሽ ከሰባት ዓመት በፊት ፈቃድ ያወጣሽ ትመስያለሽ። ጥርጣሬ ውስጥ ትገቢያለሽ። ወኪልሽ ሁሉም ወረቀት ላይ ቀኑ በፈረንጅ እንዲጻፍ፣ ካልተቻለ ከጎኑ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እንዲገለጽ ይጠይቅ።

ሚድዋይፍ፦ ቢኤስሲ በሚድዋይፈሪ፣ ስምንት ዓመት ልምድ፣ ሜሪላንድ። የነርስ ፈቃድ ፈተናውን ኤንክሌክስ አር ኤን መፈተን እችላለሁ?

በሚድዋይፈሪ ብቻ ከሆነ ይከብዳል፣ እውነቱን ልንገርሽ። የሚፈልጉት ጠቅላላ ነርስ ነው። አምስቱን ዘርፍ ካልሸፈንሽ ትምህርትሽ ጎደሎ ይባላል። ልምድሽ ስምንት ዓመት ቢሆንም የትምህርት ሰዓት አይተካም። ሚድዋይፈሪ ከመግባትሽ በፊት በነርስነት የተመረቅሽ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ የዚያን ትራንስክሪፕት ነው የምታስልኪው።

ፋርማሲስት ነኝ፦ የእኛስ እንዴት ነው?

መንገዱ ሌላ ነው፣ እኔ አልሄድኩበትም። የፋርማሲ ቦርዱን ጠይቅ።

ናይት ሺፍት፦ ለአዲስ መጪዎች ምክር ልስጥ። መጀመሪያ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ፣ ሁኑ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሥራ ትገባላችሁ፣ ቋንቋውም ይለመዳል። እኔ እንደዚያ ነው የጀመርኩት።

የባህር ዳር ልጅ፦ አንተ ሲኤንኤ ከሆንክ ስንት ዓመት ሆነህ?

ናይት ሺፍት፦ ሰባት። ግን ልጆች አሉኝ፣ ኪራይ አለ። ሁለት ሥራ እየሠራህ ማጥናት ቀላል አይምሰልህ።

አሌክሳንድሪያ፦ ይኸው ነው የምለው። ሲኤንኤ ገብቶ የወጣ አላየሁም። ከዚህ ሁሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ እንደ አዲስ መማር ይሻላል።

ናይት ሺፍት፦ ሁለት ዓመት ማን ይከፍልልሃል ወንድሜ? ፕሪሪኩዚቱስ?

ሁለታችሁም የራሳችሁን ኑሮ ነው የምትናገሩት፣ እኔ መፍረድ አልችልም። እኔም ሲኤንኤ ሠርቻለሁ፣ 14 ወር። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሲኤንኤ የምትገቡ ከሆነ በዚያው ሳምንት ትራንስክሪፕታችሁን አስጀምሩ። ሥራው ሲደክማችሁ ወረቀቱ በራሱ እየሄደ ይቆያል። ትራንስክሪፕቱ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ፣ በእጅ አይደለም።

ዲቪ የመጣሁ፦ ኤንክሌክስ ስንት ጥያቄ ነው? 85 ላይ ከቆመ አለፍኩ ማለት ነው?

ከ85 እስከ 150፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ። 85 ላይ መቆሙ ማለፍም መውደቅም ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ሲሆን ይቆማል። ከወደቅሽ ቢያንስ 45 ቀን ትጠብቂያለሽ።

አዲስ አር ኤን፦ ሲስተር፣ እኔ አልፌ ሥራ ከገባሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ሥራ የምታለማምደኝ ፕሪሴፕተሬ "ለዶክተር ስትደውዪ ግልጽ አይደለሽም" አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው። ምን ማለቷ ነው?

ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ከወረቀቱ ይልቅ ብዙዎቻችንን የሚጥለን ይኼ ነው።

የራሴን ልንገርሽ። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። የ68 ዓመት ሰው፣ ዳሌው ተቀይሮ ሁለተኛ ቀኑ። ደም ግፊቱ 92/54 ወርዷል፣ ማታ 128/76 ነበር። ልብ ምቱ ከ84 ወደ 118 ወጥቷል። በአራት ሰዓት ውስጥ 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው የሸናው። ፋሻው ረጥቧል። እየደማ እንደሆነ ገብቶኛል። ደወልኩ። ያልኩት ምንድን ነው? "ይቅርታ ዶክተር፣ ስለቀሰቀስኩዎት በጣም ይቅርታ። በሽተኛዬ ትንሽ ጥሩ አይደለም። ግፊቱ ወደ ታች ብሏል፣ ቢያዩት ጥሩ ነበር።" እሱም "ተከታተዪው" ብሎ ዘጋ። እኔም "እሺ" አልኩ።

አገር ቤት ቢሆን ነርስ በሌሊት ደውላ "ትንሽ ጥሩ አይደለም" ካለች ሐኪሙ ጫማውን ያደርጋል። ትሕትናው ውስጥ ያለውን ጭንቀት ይሰማል። እዚህ ግን "ትንሽ" ካልሽ ትንሽ ነው። ቃሉን እንዳለ ነው የሚወስዱት። ቻርጅ ነርሷ አየችኝና ወረቀት ሰጥታኝ በኤስባር ጻፊው አለችኝ። አሁን ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን የሆነ ሰው ነው፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እፈልጋለሁ። ድጋሚ ደወልኩ።

"ከሰርጂካል ዋርድ ነው፣ ነርሷ ነኝ። የክፍል 12 በሽተኛ ግፊቱ 92/54፣ ልብ ምቱ 118 ነው። የዳሌ ቅየራ፣ ሁለተኛ ቀኑ፣ ማታ ግፊቱ 128/76 ነበር። ፋሻው በደም ረጥቧል፣ በአራት ሰዓት የሸናው 60 ሚሊ ሊትር ነው። እየደማ ነው ብዬ አስባለሁ። አሁን መጥተህ እንድታየው እፈልጋለሁ። እስከዚያ የደም ምርመራ ሲቢሲ ልላክ፣ ፍሉይድስ ልጀምር?" መጣ።

የእኛ ሰው የሚከብደው ሦስተኛውና አራተኛው ነው። "እየደማ ነው ብዬ አስባለሁ" ማለት ለሐኪም ማስተማር ይመስለናል። እዚህ ግን ያ ሥራሽ ነው። ካላልሽው የማታውቂ ይመስላቸዋል። ፕሪሴፕተርሽም ያለችሽ ይህንኑ ይመስለኛል።

የባህር ዳር ልጅ፦ ይህማ መከባበርን መተው ነው። "እፈልጋለሁ" ለሐኪም?

መከባበር አልተተወም። ድምፅህ ጨዋ ይሁን፣ ሰላምታህን ስጥ። ቁጥሩን ግን አታለስልስ።

አዲስ አር ኤን፦ እሺ ማለትስ? እኔ ሳይገባኝም "የስ" እላለሁ፣ እንዳይሰለቹ።

እሱን ዛሬውኑ ተዪው። በስልክ ትእዛዝ ስትቀበዪ ጽፈሽ መልሰሽ ታነቢለታለሽ። ፊፍቲንና ፊፍቲ በእኛ ጆሮ በስልክ ይቀራረባሉ፣ ስለዚህ "አንድ አምስት ነው ወይስ አምስት ዜሮ?" ብለሽ ጠይቂ። ማንም አይቆጣም። ሳትጠይቂ ከሰጠሽ ነው የሚቆጡት።

ሌላም አለ። እኛ "አዎ" ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን አይደል? ከእኔ ጋር የምትሠራ ነርስ ሪፖርት ስትሰጠኝ በየመሃሉ ትቆማለች። "ምን ደነገጥሽ?" ስትለኝ ነው የገባኝ። ለሳምንታት የምደነግጥ መስሏት ነበር። አሁን በአፌ "የስ፣ ገባኝ" እላለሁ።

አሌክሳንድሪያ፦ ከአበሻ ጋር ሺፍት ስትገጥሙ በአማርኛ ማውራትስ? እኛ ዘንድ ክስ ቀርቦብን ነበር።

ናይት ሺፍት፦ መብታችን ነው። ብሬክ ላይ ማን ሊከለክል?

ብሬክ ላይ ሌላ ነው። በሽተኛ ፊት ግን አታድርጉት፣ ስለ እሱ የምታወሩ ይመስለዋል። ሕጉ ላይ ክርክር አልገባም።

ዲቪ የመጣሁ፦ ሲስተር፣ ትራንስክሪፕቴ ላይ ስሜና የአባቴ ስም ብቻ ነው። ግሪን ካርዴ ላይ የአያቴም አለ። ፊደሉም ትንሽ ይለያል። ትራንስክሪፕቱን በእጄ ላርመውና ልላክ?

በእጅሽ ምንም አትላኪ! ሦስተኛ ጊዜዬ ነው ይህን ስል። ስትመዘገቢ ግሪን ካርድሽ ላይ እንዳለው አንድ ፊደል ሳትለውጪ ጻፊ። ፎርሙ ላይ ሌላ ስም የሚባል ቦታ አለ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን እዚያ ሙዪው። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በቃለ መሐላ በኖታሪ አረጋግጪ። ኖታሪ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። ለፈተና ስትሄጂ ደግሞ የምትይዢው መታወቂያ ላይ ያለው ስምና የተመዘገብሽበት ስም አንድ ይሁን። ካልገጠመ አያስገቡሽም፣ የከፈልሽው 200 ዶላርም ይቀራል።