መለኪያና ሲሪንጅ ይዘሽ ሂጂ

«ሰላም ለሁላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። የፊታችን እሁድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ስለ ወጣት ወንዶች መጠጥ 20 ደቂቃ ተናገሪ ተብያለሁ። የሰፈሩ ልጆች ጫት ቅመው በአረቄ ጨብሲ ያደርጋሉ፤ እኔ ደግሞ ብዙዎቹን በዕድሜ አልበልጣቸውም። ሳይስቁብኝ እንዲሰሙኝ ምን ልበል? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።»

እህቴ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ 11 ዓመት በጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ንግግር ሁለት ጊዜ አድርጌአለሁ። የመጀመሪያው ከሽፎብኛል፤ ከእሱ ልጀምርልሽ።

ያኔ የተበላሸ ጉበት ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ወጣሁ። ገና አምስት ደቂቃ ሳልናገር አንዱ ልጅ ከኋላ «ዶክተር፣ የኛ አያት እስከ ዛሬ አረቄያቸውን እየጠጡ ያርሳሉ እኮ!» አለና ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ዋሽቷል ልልሽ አልችልም። ጉበት እስኪጠጥር ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ የ22 ዓመት ልጅ ደግሞ 50 ዓመት ሲሞላው ስለሚሆነው ነገር ዛሬ አይጨነቅም። እኔ የነገርኳቸው ስለ ሩቁ ነበር። በእጄ የገቡት ልጆች ግን የተጎዱት በአንድ ሌሊት ነው።

ለሁለተኛው ንግግር ከሰፈሩ አረቄ ሻጭ አንድ መለኪያ ተዋስኩ፤ ከጤና ጣቢያ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ከቤቴ አንድ ባዶ የቢራ ጠርሙስና ሰሌን ያዝኩ። ንግግር አላልኩም፤ በጣም የሚቀልደውን ልጅ ጠርቼ ሲሪንጁን በውሃ እየሞላ መለኪያው ውስጥ እንዲጨምርና ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አደረግሁ። «ሃያ፣ አርባ…» ብሎ 50 ላይ መለኪያው ሞላ። ያንቺ ሰፈር መለኪያ 40ም ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ቀድመሽ ራስሽ ለኪው የምልሽ።

ቀጥሎ ሒሳቡን በእነሱ ቋንቋ አስቀመጥኩት። ዳግም አረቄ ጉልበቱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ 40 በመቶ ብንለው 50 ሚሊ የሚይዝ አንድ መለኪያ ውስጥ 16 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ። 330 ሚሊ የሚይዝ፣ 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ ደግሞ 13 ግራም ገደማ። ስለዚህ ያቺ በሁለት ጣት የምትያዝ መለኪያ ከአንድ ሙሉ ቢራ ትበልጣለች። ይህን ስል ሳቁ ቆመ፤ ብዙዎቹ «ሁለት መለኪያ ምን አላት» ሲሉ የኖሩ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ መቀመጫ 60 ግራምና ከዚያ በላይ መጠጣትን ነው ከባድ መጠጥ ብሎ የሚቆጥረው። ግራሙን ለስብሰባው አትንገሪ፣ ማንም አያስታውሰውም። አራት መለኪያ ወይም አምስት ቢራ በይ።

ከዚያ ወደ ጨብሲው ግቢ፤ ሰፈርሽ ያለው ችግር እሱ ስለሆነ ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጪው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ የቃመ ልጅ ምሽት ላይ ባዶ ሆድ ነው። ባዶ ሆድ ውስጥ የገባ አረቄ ሳይቆይ ወደ አንጀት ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ምርቃናው ገና ስላልወረደ ስካሩ አይሰማውም፤ «ዛሬማ ምንም አላለኝም» እያለ ይደግማል። ጫቱ የሸፈነው ስሜቱን ነው፣ ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ግን ያው ነው። ምርቃናው ሲወርድ ተደብቆ የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጥለዋል።

እኔ እዚህ ላይ የነገርኳቸው በተረኝነቴ የገባ አንድ ልጅ ታሪክ ነው፤ ስምና ሰፈር ቀይሬ፣ ቤተሰቡንም አስፈቅጄ። ልጁ 23 ዓመቱ ነው። ምሳ ሳይበላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ቃመ። ምሽት 3 ሰዓት ላይ በውርርድ አንድ የቢራ ጠርሙስ ሙሉ አረቄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጨረሰ። (ባዶውን ጠርሙስ በዚህ ጊዜ ነው ያነሳሁት። በመለኪያ ቢቆጠር ከስድስት ይበልጣል፤ ከ100 ግራም በላይ አልኮል ማለት ነው።) 4 ሰዓት ላይ ምላሱ ተሳሰረ፣ ወደቀ። ጓደኞቹ ተሸክመው ወደሚከራዩት ክፍል ወሰዱትና በጀርባው አስተኝተው ጋቢ አለበሱት። «ይተኛበት፣ ጠዋት ይነሳል።» ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አንዱ ለሽንት ሲነሳ ሲያንኮራፋ ሰማው፤ ደህና ተኝቷል ብሎ ተመለሰ። ንጋት ላይ ትራሱ በትውከት ተነክሮ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኙት።

ሲደርስልኝ ቆንጥጬው አልነቃም። ጣቱ ላይ የደም ስኳሩን ስለካ 31 ብቻ ነበር፤ እጅግ ወርዷል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፦ ጉበት አልኮሉን በማቃጠል ሥራ ሲጠመድ አዲስ ስኳር መሥራት ያቅተዋል፤ ሳይበላ የዋለ ሰው ደግሞ የተጠራቀመ ስኳሩን ጨርሷል። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጥተነው ዓይኑን ገለጠ፤ ትውከቱ ግን ወደ ሳንባው ገብቶ ስለነበር ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለት ዘጠኝ ቀን በሳንባ ምች ተኛ። ዳነ። ያ ሌሊት የሰማው ጓደኛው ግን እስከ ዛሬ «ማንኮራፋቱን ሰምቼ እኮ ነው የተኛሁት» ይላል። እንዲህ በሰከረ ሰው ላይ ማንኮራፋት ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ የአየሩን መንገድ እያጠበበው እንደሆነ የሚነግርሽ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ሰሌኑን አንጥፌ ያንኑ ቀልደኛ ልጅ አስተኛሁት። ወደ ጎኑ፣ የላይኛው ጉልበት ወደ ፊት ታጥፎ፣ የላይኛው እጅ ጉንጩ ሥር፣ አፉ ወደ መሬት ያዘነበለ። ሁለት እናቶችንና ሁለት ወጣቶችን እያስነሳሁ አሠራኋቸው። ከዚያ የሚፈራውን ምልክት ነገርኳቸው፦ ሲጠሩትና ሲቆነጥጡት የማይነቃ፣ በደቂቃ ከስምንት ጊዜ በታች የሚተነፍስ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል አሥር ሰከንድ የሚቆይ፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ የጠቆረ። አንዱ ብቻ ከታየ ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ብቻውንም አይተዉት፤ የመጨረሻዋ መለኪያ ከተጨለጠች በኋላም በደሙ ያለው አልኮል ለተወሰነ ጊዜ መጨመሩን ይቀጥላል፤ «መጠጣቱን አቁሟል» ማለት «ከዚህ አይብስም» ማለት አይደለም።

ሎሚ፣ ቡና በጨው፣ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት፣ ጣት አስገብቶ ማስታወክ የሚሉት ይመጡልሻል። ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ነገር ሳንባው ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ውሃም ቀድሞውኑ የቀዘቀዘን ሰውነት ይብስ ያቀዘቅዘዋል። ቡና ቢያነቃው እንኳ አልኮሉን ከደሙ አያወጣም። ጉበት በሰዓት ስምንት ወይም አሥር ግራም ገደማ ነው የሚያቃጥለው፣ ለማንም ብሎ አይቸኩልም። የባጃጅ ሾፌሮች ካሉ ይህን ለእነሱ አስዪው፦ ማታ 3 ሰዓት ላይ ያን ጠርሙስ የጨረሰ ልጅ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ባጃጁን ሲያስነሳ ገና አልኮሉ ደሙ ውስጥ ነው። የኔው ስብሰባ ላይ አንዱ ሾፌር በጣቱ ሲቆጥር አይቼዋለሁ።

አሁን የምነግርሽን ግን ከሁሉም አብልጠሽ ያዢው። ያንን ልጅ ጓደኞቹ ሌሊቱን ለምን እንዳላመጡት ስጠይቃቸው አባቱንና ፖሊስን ፈርተው ነው። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ከዕድር ዳኛውና ከቀበሌው ሰብሳቢ ጋር ተነጋገርኩ፤ በስብሰባው ላይ ሽማግሌው ራሳቸው ተነስተው «የሰከረ ጓደኛውን ይዞ የመጣ ልጅ ማን ገዛ፣ የት ጠጣችሁ ተብሎ አይጠየቅም» አሉ። እኔ ብናገረው ዋጋ አልነበረውም። የኔን 20 ደቂቃ ሁሉ ብትጥዪ እንኳ ይህቺን ዓረፍተ ነገር አስነግሪ።

አረቄ ሻጮቹን አታዋርጂ፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት እንጀራ ነው፣ ደግሞም ሌሊት ልጁ ሲወድቅ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። እትዬ ብለሽ ቀድመሽ ቤታቸው ሂጂ። እኔ የጠየቅኋቸው ሁለት ነገር ነው፦ ውርርድ ሲጀመር እንዳይቀዱ፣ ጫት ቅሞ ለመጣ ልጅ ከመለኪያው በፊት ምግብ እንዲያቀርቡ። አንዷ «ቆሎማ አቀርባለሁ» አሉኝ፤ ጥሩ ነው፣ ግን እንጀራ ይሻላል አልኳቸው። ዕድሜን በተመለከተ ሽማግሌዎች ሕጉን ይጠይቁሻል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ተናገሪው፣ ግን በእሱ አትጀምሪ፤ ልጆቹ ወዲያው ጆሯቸውን ይዘጉብሻል።

«ከዛሬ ጀምራችሁ ተዉ» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። እዚያ ከተቀመጡት መካከል በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ካልቀመሰ የማይረጋጋ ሰው ይኖራል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊያንዘፈዝፈው፣ ቀጥሎም ሊቃዥ ይችላል፤ ሰው በዚህ ይሞታል። ለእነሱ የሚባለው «ከማቆማችሁ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ኑ፣ በመድኃኒት ታግዘን እናስቆማችኋለን» ነው። ቅዳሜ የሚጠጣውና በየቀኑ የሚጠጣው ችግራቸው ለየቅል ነው፤ ያንቺ ንግግር ለቅዳሜው ልጅ ነው።

አንድ ያፈርኩበትን ልንገርሽ። መጨረሻ ላይ የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር አስጻፍኳቸውና ለማሳየት ብዬ እዚያው ሁሉም እየሰማ ደወልኩ። ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም አለኝ፤ ግድግዳችን ላይ ተለጥፎ የኖረው የድሮው ነበር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ አጭር ቁጥር 907 ነው፤ አንቺ ሰፈር ይደርስ እንደሆነ፣ የወረዳው አምቡላንስ ሾፌርም ሌሊት ስልኩን ያነሳ እንደሆነ ቅዳሜ ማታ ራስሽ ደውለሽ አረጋግጪ። ካላነሳ ሌሊት የሚሠራ አንድ የባጃጅ ልጅ ፈልጊና ቁጥሩን አስፈቅደሽ ያዢ፤ እኛ ጋ እስከ ዛሬ የሚሠራው እሱ ነው።