ድንገተኛ የሆድ ሕመምና የኦቫሪ ሲስት፦ በውጭ አገር ለምትኖሩ እህቶች

በአሜሪካ ሆስፒታሎች በአስተርጓሚነት ስሠራ ደጋግሜ የታዘብኩት፣ ብዙ ሴቶቻችን ከእምብርት በታች ድንገት የሚነሣን ከባድ ሕመም «የወር አበባ ቁርጠት ነው» ወይም «ብርድ መታኝ» ብለው፣ ትኩስ ነገር እየጠጡ እስኪነጋ መታገሣቸውን ነው። ብዙ ጊዜ ሕመሙ በእርግጥም ያልፋል። ነገር ግን በኦቫሪዋ፣ ማለትም እንቁላል በሚያመነጨው አካሏ፣ ላይ ሲስት፣ ማለትም በአብዛኛው ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ እንዳለ አስቀድሞ የተነገራት ሴት እንዲህ ያለ ሕመም ከያዛት ጠዋትን መጠበቅ የለባትም። ሲስቱ ፈንድቶ፣ ወይም ኦቫሪው ራሱ ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል።

ሲስት ሲፈነዳ በውስጡ የያዘው ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። ሕመሙ በድንገት፣ ብዙ ጊዜም ከከባድ እንቅስቃሴ ወይም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ ይነሣል፤ አብዛኞቹ ሴቶችም በማስታገሻና በክትትል ብቻ ይድናሉ። የሚያሠጋው የፈነዳው ቦታ ደምቶ ደሙ ሳይቆም ሲቀር ነው። ራስ የሚያዞር፣ ሲቆሙ የሚጥል፣ የልብ ምት የሚያፈጥን ወይም ትከሻ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማ አምቡላንስ መጥራት ይገባል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደግሞ ይህን ለሐኪሙ በመጀመሪያ መናገር አለባት።

መጠምዘዙ ግን ጊዜ አይሰጥም። ኦቫሪው ሲስቱ ከብዶበት፣ በተለይ ሲስቱ 5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተንጠለጠለበት ጅማት ላይ ይዞራል፤ የደም ሥሮቹም በዚያው ጅማት ውስጥ ስለሚያልፉ አብረው ይጠመዘዛሉ። በቅድሚያ የሚታፈነው ደም መልሱ ነው፤ ደም መግባቱን ቀጥሎ መውጣት ስለማይችል ኦቫሪው ያብጣል፣ በመጨረሻም ደም ቅዳው ይዘጋል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ሲሆን ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይከተለዋል። ኦቫሪው በከፊል ተፈትቶ እንደገና ሊጠመዘዝ ስለሚችል ሕመሙ ሄዶ ይመለሳል፤ ለጊዜው መተዉ የመዳን ምልክት ነው ብሎ መተኛት ኦቫሪን ሊያሳጣ ይችላል።

ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ ትቼ የአንዲትን እህት ሁኔታ ልግለጽ። በቀኝ ኦቫሪዋ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ዴርሞይድ የሚባል ሲስት እንዳለ ታውቅ ነበር። ማታ ዕቃ አንሥታ ስታስቀምጥ ሕመሙ ያዛት፣ አስታወከች፣ ከሰዓታት በኋላ ቀለላት፤ ንጋት ላይ ሲመለስባት ቅርቧ ወዳለ አነስተኛ ክሊኒክ ሄደች። እዚያ አልትራሳውንድ ስላልነበረ የሽንት ምርመራ ብቻ ተደርጎላት ተመለሰች። ቀዶ ጥገና ወዳለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ የባሏ ወንድም ሊያስተረጉምላት ቆሞ ነበር፤ ነርሷ እርግዝና ሊኖር ይችል እንደሆነ ስትጠይቃት «የለም» ብላ አቀረቀረች። ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ተመሳሳይ ሕመም ስለሚያመጣ ይህ ጥያቄ ለሁሉም ይቀርባል፤ እውነተኛ መልስ ማግኘት የሚቻለውም ዘመድ ከክፍሉ ሲወጣ ነው። የመድን ሽፋን ኖረም አልኖረም፣ በአሜሪካ ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ማለት ይቻላል ሁሉም በ1986 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት የመጣን ሕመምተኛ መመርመርና አደጋ ላይ ካለ ማረጋጋት ግዴታቸው ነው፤ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል።

ምርመራው እርግዝና አለመኖሩን አሳየ፤ የደም ዝውውርን በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድም ወደ ኦቫሪው ደም ሲገባ ታየ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ደም ካለ ደኅና ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን በተጠመዘዘ ኦቫሪ ውስጥም ደም ሲዘዋወር ሊታይ ስለሚችል ይህ ምርመራ ብቻውን መጠምዘዝ የለም ለማለት አያስችልም። ሐኪሟ ይህን ስለሚያውቅ፣ በሲስቱ መጠን፣ በድንገት በመነሣቱና በማስታወኳ ተመርቶ ላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ የሚሠራ ቀዶ ጥገና፣ አደረገላት፤ ኦቫሪው ሁለት ጊዜ ዞሮ ጠቁሮ ነበር። ፈትቶ፣ ሲስቱን አውጥቶ፣ ኦቫሪውን በቦታው ተወው። የጠቆረ ኦቫሪ ብዙ ጊዜ ያገግማል፤ ስለዚህ በመልኩ ብቻ ተቆርጦ መውጣት የለበትም።

ሲስት ያለባችሁ እህቶች ሁሉ፣ የሲስቱን መጠንና ጎን የሚያሳየውን የመጨረሻ ውጤት በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። ሕመሙ ሲነሣ ሰዓቱን መዝግቡ፤ ቀዶ ጥገና ሊከተል ስለሚችልም ምግብና መጠጥ አትውሰዱ። በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ አረቢያ 997፣ በተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች 998 ይደወላል። ሐኪሙ ፊት «ያመኛል» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጎን በድንገት ጀመረኝ፣ አስታውኩ፣ በዚሁ ጎን ይህን ያህል የሆነ ሲስት አለኝ፣ ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀዶ ጥገናውን ፈቃድ ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ኦቫሪው በቦታው እንዲቆይ መፈለጋችሁን፣ በምን ሁኔታ ብቻ ሊወጣ እንደሚችልም ሐኪሙ እንዲነግራችሁ በአስተርጓሚ በኩል ግልጽ አድርጉ።