ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ በየወሩ ስንት ይቀመጥ?

«ልጄን በመጪው መስከረም ደብረ ብርሃን የግል ትምህርት ቤት ላስገባት ነው። የዓመቱ ክፍያ በአንድ ጊዜ 24,000 ብር ነው። በእጄ 2,400 ብር አለኝ፤ ከኅዳር ደመወዜ ጀምሬ በየወሩ ስንት ላስቀምጥ?»

ከሁሉ በፊት ገንዘቡ የሚፈለግበትን ቀን ከትምህርት ቤቱ ይጠይቁ፤ ትምህርቱ መስከረም ቢጀመርም ምዝገባው ብዙ ጊዜ ነሐሴ ውስጥ ነውና። እኔ ይህን ሳላጣራ እስከ ነሐሴ ደመወዝ ድረስ ቆጥሬ አካፍዬ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ክፈሉ አለ፤ የጎደለኝን ለመሙላት አንድ የመንዝ ሙክት ገበያ አወጣሁ። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ሥጋ ፈላጊ የለም፤ ለፋሲካ ያወጣ ከነበረው ዋጋ እጅግ ባነሰ ሸጥኩት።

ስለዚህ መቆጠር ያለበት የወሩ ብዛት ሳይሆን ከመክፈያው ቀን በፊት እጅዎ የሚገባው ደመወዝ ነው። ምዝገባው ነሐሴ አጋማሽ ከሆነና ደመወዝዎ በወሩ መጨረሻ የሚከፈል ከሆነ፣ ከኅዳር እስከ ሐምሌ 9 ደመወዝ ብቻ አለዎት። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ የበዓል ናቸው፤ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሚውል የታኅሣሥን ደመወዝ ይሻማል፣ ፋሲካ ደግሞ እንደየዓመቱ የመጋቢትን ወይም የሚያዝያን። በእነዚህ በሁለቱ ግማሽ ብቻ እንደሚያስቀምጡ አስቀድመው ቢወስኑ 7 ሙሉና 2 ግማሽ፣ በድምሩ 8 ድርሻ ይሆናል።

ክፍያው ዘንድሮ በተነገረዎት ዋጋ ላይጸና ስለሚችል እኔ አንድ አሥረኛ እጨምርበታለሁ፤ 24,000 የነበረው 26,400 ይሆናል። በእጅዎ ያለው 2,400 ሲቀነስ 24,000 ይቀራል፤ ለ8 ሲካፈል በሙሉ ወር 3,000፣ በበዓል ወር 1,500 ብር ይወጣል። ጭማሪውን ሳያስቡ ቀሪውን 21,600 እስከ ነሐሴ ባሉት 10 ወራት ቢያካፍሉት 2,160 ብቻ ይመጣልዎታል፤ ይሁን እንጂ ክፍያው ቢጨምርና ምዝገባው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቢሆን 4,560 ብር ይጎድልዎታል።

የባንክ ወለድን በስሌቱ አላስገባሁትም። በዓመት 7 በመቶ ቢታሰብ እንኳ ገንዘቡ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ስለሆነ እስከ ነሐሴ የሚያስገኘው ከ700 ብር ብዙ አይርቅም፤ ለደብተርና ለእርሳስ ይሁንልዎት።

የየካቲት ደመወዝዎን ባስቀመጡ ማግስት ሂሳቡን ይመልከቱት፤ 12,900 ብር መኖር አለበት። ሕመም ወይም ለቅሶ ገጥሞዎት 11,400 ብቻ ቢያገኙ፣ የጎደለውን በአንድ ወር ለመተካት አይጨነቁ። የሚቀረውን 15,000 በቀሩት 4 ሙሉና አንድ ግማሽ ድርሻዎች እንደገና ያካፍሉት፤ ሙሉው ወር ወደ 3,340፣ የፋሲካው ወደ 1,670 ከፍ ይላል። 3,340 ከአቅም በላይ ከሆነብዎት ግን ክፍያውን በሁለት ጊዜ ይቀበሉ እንደሆነ ትምህርት ቤቱን በዚያው በመጋቢት ያነጋግሩ፤ የሚሸጥ በግ ካለዎትም ለፋሲካ ያውጡት እንጂ ለፍልሰታ አያቆዩት።