ለሎጂክ ፈተና የስድስት ሳምንት ጥናት

«የአንደኛ ዓመት የሎጂክ ፈተና ስድስት ሳምንት ቀረኝ። እንዴት ልከፋፍለው?»

ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ዓረፍተ ነገርን ወደ ምልክት ለመቀየር ብቻ ስጠው። P «ታጠናለህ»፣ Q «ታልፋለህ» ይሁን። «ካጠናህ ታልፋለህ» P → Q ነው። «የምታልፈው ካጠናህ ብቻ ነው» ግን Q → P ነው፤ ቀስቱ ይዞራል። እኔ ብዙ ነጥብ የጣልኩት እዚህ ጋ ነው። በቀን አስር አስር በእጅህ ሥራ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ለእውነት ሰንጠረዥ ይሁን። P → Q ሐሰት የሚሆነው P እውነት ሆኖ Q ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው። አሁን ይቺን ፈትሽ፦ «ካጠናህ ታልፋለህ። አልፈሃል። ስለዚህ አጥንተሃል።» P ሐሰት፣ Q እውነት የሆነበትን መስመር እይ። ሁለቱም መነሻዎች እውነት ናቸው፣ መደምደሚያው ግን ሐሰት። እንዲህ ያለ አንድ መስመር ከተገኘ ሙግቱ ቫሊድ አይደለም፤ ሌሎቹን መስመሮች መጨረስ አያስፈልግህም።

አራተኛውና አምስተኛው ለፕሩፍ ነው። ከመደምደሚያው ወደ ኋላ አስብ። P → R አሳይ ከተባልክ P ን ገምተህ R ላይ ድረስ፣ ከዚያ ግምቱን ዝጋ። ካልዘጋኸው ፕሩፉ አላለቀም።

በስድስተኛው የድሮ ፈተናዎችን ደብተር ዘግተህ፣ ሰዓት ይዘህ ሥራ።